የትንሹ ወጥ ቤት ደብዳቤና የነጋዴው መልስ

የታሸገ ሽሮና በርበሬ፣ ዘይትና ፓስታ ለገበያ የሚያቀርቡ ድርጅቶች ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አዲስ ዓይነት ደብዳቤ በኢሜይል ይደርሳቸዋል። ጸሐፊው የጋዜጣ ወይም የራዲዮ ማስታወቂያ ክፍል ሳይሆን፣ በቤቱ ማድ ቤት ውስጥ ምግብ እየሠራ በዩቲዩብ የሚያሳይ ሰው ነው። የሚጠይቀውም ድርጅቱ ገንዘብ ከፍሎ በምርቱ የሚሠራ አንድ ቪዲዮ እንዲያዝዝ ነው። ብዙ ሥራ አስኪያጆች ደብዳቤውን ሳይመልሱ ይተዉታል፤ ሌሎች ደግሞ የተከታዮቹን ብዛት ብቻ አይተው የተጠየቁትን ይከፍላሉ። ሁለቱም መንገድ የተሳሳተ ነው፤ ደብዳቤው እንደ ማንኛውም የሸቀጥ ዋጋ ማቅረቢያ በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባዋልና።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ ቢባል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤት የምትኖር አንዲት ሴት የጾምና የፍስክ ምግብ አሠራር የምታሳይ ትሁን። ደብዳቤዋን የጻፈችው እዚያው ክፍለ ከተማ ለሚገኝ አንድ የታሸገ ሽሮ አቅራቢ ነው። በደብዳቤዋ 40,000 ተከታዮች እንዳሏት፣ አንዱ ቪዲዮዋ በአማካይ 14,400 ጊዜ እንደሚታይና ለአንድ ቪዲዮ 24,000 ብር እንደምትጠይቅ ገልጻለች። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ አሠራሩ ግን በማናቸውም ቁጥር ላይ ያው ነው።

በመጀመሪያ የሚመረመረው አማካዩ ነው። ከመጨረሻዎቹ አሥር ቪዲዮዎች ዘጠኙ እያንዳንዳቸው 6,000 ጊዜ ያህል ታይተው፣ አንዱ ግን በአጋጣሚ ተሠራጭቶ 90,000 ጊዜ ቢታይ፣ የአሥሩ አማካይ 14,400 ይሆናል። በዚህ ውስጥ ሐሰት የለበትም፤ ይሁን እንጂ ድርጅቱ የሚገዛው አሥራ አንደኛውን ቪዲዮ ስለ ሆነ፣ ሊጠብቅ የሚገባው 6,000ውን እንጂ 14,400ውን አይደለም። ስለዚህ አሥሩን ቪዲዮዎች በእይታቸው ብዛት በተራ አስቀምጦ የመካከለኛውን ቁጥር መውሰድ ይበጃል። ቁጥሩም ቪዲዮው በወጣ በ30 ቀን ውስጥ የተገኘው ሊሆን ይገባል፤ ከሦስት ዓመት በፊት የወጣ ቪዲዮ ቀስ በቀስ ያጠራቀመው እይታ ለጾም ወራት ሽያጭ አይጠቅምምና። የተከታዮች ብዛትማ ከዚህም ያነሰ ምስክርነት አለው። ቀድሞ ተመዝግቦ ዛሬ የማይመለከት ሰው ከቁጥሩ አይቀነስም።

ሁለተኛው ጥያቄ ተመልካቹ የት ነው የሚለው ነው፤ ለኢትዮጵያ ነጋዴ ከሁሉ የሚከብደውም ይኸው ነው። የአገር ቤትን ምግብ አሠራር በአማርኛ ከሚከታተሉት መካከል በዋሽንግተን፣ በዱባይ፣ በስቶክሆልም የሚኖሩ ወገኖች ብዙ ናቸው። እናቱ ዘንድ ሆኖ የሚበላ ሰው የሽሮ አሠራር በስልክ መመልከት አያስፈልገውም፤ ከአገሩ የራቀው ግን ያስፈልገዋል። ዩቲዩብ ለአዘጋጁ ብቻ በሚያሳየው ገጽ ላይ ተመልካቾች ከየትኛው አገር ከመቶ ስንት እንደ ሆኑ ተጽፎ ይገኛል። ድርጅቱ የዚህን ገጽ ምስል መጠየቅ አለበት፤ አዘጋጇም ሳትጠየቅ ብታያይዘው ለራሷ ክብር ነው።

በምሳሌው ውስጥ ከተመልካቾቹ 55 ከመቶው በኢትዮጵያ የሚገኙ ናቸው እንበል። የሽሮው አቅራቢ ምርቱን የሚሸጠው በአዲስ አበባ ሱቆች ብቻ ከሆነ፣ 6,000 እይታ ወዲያውኑ ወደ 3,300 ይወርዳል። ከእነዚህም ውስጥ ከአዲስ አበባ ውጭ የሚኖሩት ገና አልተቀነሱም። እንዲሁም የድርጅቱ ስም የሚነሣው ዘጠኝ ደቂቃ በሚፈጀው ቪዲዮ ሦስተኛ ደቂቃ ላይ ቢሆንና እስከዚያ ድረስ የሚቆየው ተመልካች 60 ከመቶ ቢሆን፣ የሚቀረው 1,980 እይታ ነው። በ24,000 ብር የተገዛው ይህ ነው። በደብዳቤው አማካይ ሲታሰብ ለአንድ እይታ ከሁለት ብር ያነሰ ይመስል የነበረው ዋጋ ከ12 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። በአንጻሩ ምርቱን ወደ አሜሪካና ወደ ዓረብ አገሮች የሚልክ ነጋዴ ይህንኑ ደብዳቤ ቢቀበል፣ ለእርሱ ዋነኛው ገበያ የቀረው 45 ከመቶ ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ደብዳቤ ለላኪው ርካሽ፣ ለሰፈሩ አቅራቢ ውድ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በኋላ ዋጋው ከትርፍ ጋር ይመዛዘናል። ከአንድ ኪሎ ሽሮ ለአቅራቢው የሚቀረው 40 ብር ቢሆን፣ 24,000 ብር ለመመለስ 600 ኪሎ ተጨማሪ መሸጥ አለበት። አዲስ ደንበኛ የሆነ አንድ ቤተሰብ ስድስት ጊዜ አንድ አንድ ኪሎ ይገዛል ብሎ ቢገመት እንኳ፣ 100 አዳዲስ ቤተሰቦች ያስፈልጋሉ፤ ከ1,980 እይታ 5 ከመቶ መሆኑ ነው። ይህ ከባድ ተስፋ ነው። ዋጋው ወደ 14,000 ብር ቢወርድ 350 ኪሎ፣ ማለት 58 ያህል ቤተሰብ፣ ወደ 3 ከመቶ የሚጠጋ ይሆናል።

ነገር ግን የአዘጋጇም ሒሳብ መታየት ይገባዋል። አስቤዛው፣ የቀራጩና የአቀናባሪው ክፍያ፣ መብራት ሲጠፋ ሥራውን ደግሞ መጀመሩ ተደማምሮ 8,000 ብር ቢፈጅ፣ በ14,000 ብር የሚተርፋት 6,000 ብር ብቻ ነው። ከዚህ ወዲያ ዝቅ እንድትል ማስጨነቅ ቪዲዮውን ማበላሸት ነው። ይልቁንም ድርጅቱ በዚያው ዋጋ ሌላ ጥቅም ይጠይቅ፤ ይኸውም ቪዲዮውን ለስድስት ወር በራሱ የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ እንዲያሳይ ፈቃድ ማግኘት ነው። ይህ ለእርስዋ ብዙ ወጪ የለበትም፤ ለድርጅቱ ግን የአዲስ አበባን ተመልካች በራሱ መንገድ ለመጨመር ይረዳዋል።

ሦስተኛው ጉዳይ በቪዲዮው ውስጥ የሚነገረው ቃል ነው። ባለሙያዋ በእሳት ዳር ሆና ልትመሰክርባቸው የምትችላቸው ነገሮች አሉ። ሽሮው በፈላ ውኃ ላይ ሲነሰነስ ሳይጓጉል መሟሟቱን፣ አንድ ስኒ ሽሮ ስንት ስኒ ውኃ እንደሚሸከም፣ ስንት ደቂቃ ተንተክትኮ ዘይቱ ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ቅመሙ መመጠኑንና ጨው መጨመር ማስፈለጉን ልታሳይ ትችላለች። ተመልካቹም ይህን በዓይኑ ስለሚያይ ያምናል። «ከማናቸውም መርዝ ንጹሕ ነው»፣ «ለስኳር በሽተኛ ፈውስ ነው» የሚለው ግን ከወጥ ቤት የሚወጣ ምስክርነት አይደለም። በበርበሬና በእህል ላይ የሚገኘው አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ በዓይን አይታይም፤ በተለመደው የማብሰያ እሳትም ፈጽሞ አይጠፋም፤ መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው በላቦራቶሪ ምርመራ ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ስለሚከለክል፣ እንዲህ ያለውን ቃል በባለሙያዋ አፍ የሚያስነግር ድርጅት ራሱን ለተጠያቂነት ያጋልጣል።

ከዚሁ ጋር የተከፈለበት መሆኑን መሸሸግ አይገባም። አንዳንድ ድርጅቶች ምስጋናው በነጻ የተሰጠ እንዲመስል ይፈልጋሉ። ዩቲዩብ ግን ክፍያ ያለበት ቪዲዮ ሲጫን አዘጋጁ ይህንኑ እንዲያመለክት ያዝዛል፤ ሲመለከትም በቪዲዮው መጀመሪያ ላይ ማስታወሻ ይታያል። ከሕጉም በላይ የገበያው ጠባይ ይህን ይጠይቃል። ደንበኛው ከአንድ ባለሱቅ ጋር በዱቤ መጽሐፍ የሚገበያየው ስለሚያምነው ነው፤ አንድ ቀን በሚዛን ቢታለል የሚሸሸው ከዚያ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ከሱቁ ነው። ክፍያው በኋላ ሲታወቅ የሚጠፋው የባለሙያዋ ስም ብቻ ሳይሆን የሽሮውም ስም ነው።

እንግዲህ መልካም ደብዳቤ ምን ይመስላል ቢባል፣ ከዚህ በታች ያለው ይበቃል፦

«ለድርጅቱ የሽያጭ ክፍል ኃላፊ። ምጥን ሽሮአችሁን ከጀሞ ሱቅ ገዝተን ሦስት ጊዜ ሠርተንበታል፤ ሳይጓጉል ይሟሟል፤ ጨው ግን መጨመር አስፈልጎናል። ከዐቢይ ጾም ሁለት ሳምንት አስቀድሞ የሚወጣ፣ ቅቤ የሌለበት የሽሮ አሠራር የዘጠኝ ደቂቃ ቪዲዮ ለመሥራት እናስባለን። የመጨረሻዎቹ አሥር ቪዲዮዎቻችን የ30 ቀን መካከለኛ እይታ 6,000 ሲሆን፣ ከተመልካቾቻችን 55 ከመቶው በኢትዮጵያ ይገኛሉ፤ የገጹ ምስል ተያይዟል። ምርቱ በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ ይታያል፤ የተከፈለበት መሆኑም ይነገራል። የምርቱን ስምና መጠን ከመውጣቱ በፊት ታርሙልናላችሁ፤ ስለ ጣዕሙ የምንሰጠው አስተያየት ግን የራሳችን ይሆናል። ዋጋው 14,000 ብር ሲሆን፣ ግማሹ በውል ጊዜ፣ ግማሹ ቪዲዮው ሲወጣ ይከፈላል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ሕጋዊ ደረሰኝ አለን።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጥቃቅን ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ብዙ ስምምነት የሚፈርሰው በእርሱ ምክንያት ነው። ሕጋዊ ደረሰኝ የሌለው ክፍያ በድርጅቱ የሒሳብ መዝገብ በወጪነት ለመያዝ ያስቸግራል፤ ከክፍያውም ላይ በሕግ የተወሰነው ቅድመ ግብር መቀነስ ስላለበት፣ ሁለቱ ወገኖች 14,000 ብር ከመቀነሱ በፊት ይሁን በኋላ አስቀድመው መነጋገር አለባቸው። ጊዜውም እንዲሁ ነው፤ የጾሙ ሽሮ በሱቆች የሚደረደረው ጾሙ ሳይገባ ስለ ሆነ፣ ደብዳቤው በታኅሣሥ ሊደርስ ይገባዋል። በየካቲት የመጣ ደብዳቤ ቢያምርም ዘግይቷል።

በእንዲህ ያለ ደብዳቤ ላይ የሽያጭ ክፍሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢቀበልም ባይቀበልም መልስ ቢሰጥ ይገባዋል። ሽሮው ጨው የሚጎድለው መሆኑን በራሷ ወጪ ገዝታ፣ ሠርታ የነገረችው ባለሙያ፣ ድርጅቱ ምንም ሳይከፍላት አንድ ጠቃሚ ነገር አስታውቃዋለችና።