የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም

በረጅም የመመረቂያ ጽሑፍ የዋቢዎች ወጥነት የሚፈርሰው ብዙውን ጊዜ በስም አመዘጋገብ ነው። የባሕሩ ዘውዴ ሥራዎች ከልዩ ልዩ የመረጃ ቋቶች ወደ ዞቴሮ ሲገቡ፣ አንዱ «ዘውዴ፣ ባሕሩ»፣ ሌላው «ባሕሩ፣ ዘ.» ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል፤ ያን ጊዜ አንዱ ደራሲ በዝርዝሩ ሁለት ሰው ይሆናል። የአጠቃቀስ ስልቱን ከኤፒኤ ወደ ቺካጎ መለወጥ ይህን አያርምም። ስሙን በዎርድ ሰነዱ ላይ በእጅ ማቃናትም ከንቱ ድካም ነው፤ ዝርዝሩ ሲታደስ ስሕተቱ ይመለሳልና። መታረም ያለበት በዞቴሮ መዝገቡ ላይ ነው፦ ከደራሲው ስም ጎን ያለውን ምልክት ተጭኖ ሁለቱን የስም ሳጥኖች ወደ አንድ መለወጥ፣ «ባሕሩ ዘውዴ» ብሎ መጻፍ፣ ከዚያም በዎርድ Refresh የሚለውን መጫን። ስሙ በጽሑፉ ውስጥ ሙሉውን ይወጣል፤ በዝርዝሩም በራሱ ስም ተራ ይገባል። የቤተሰብ ስም ያላቸው የውጭ ደራስያን ግን በሁለት ሳጥን ይቆዩ።