ሌሊት የሚያሳክከው ሌላ ማን አለ?

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። መጀመሪያ የተሳሳትኩት እኔው ራሴ ነኝ። የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ፤ ሙያዬም ጤና መኮንንነት ነው። እንዲያም ሆኖ የገዛ እህቴን እከክ «ቁንጫ ነው» ብዬ ስልኩን ዘግቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለ ገጠር የምትኖረው ታላቅ እህቴ የካቲት መጨረሻ ላይ ደወለችልኝ። «ጣቶቼን በላኝ እኮ ወንድምዓለም፤ ቀንስ ደህና ነው፣ ማታ ማታማ እንቅልፍ የሚባል የለም» አለችኝ። ሥራ ላይ ነበርኩ። «ቁንጫ ይሆናል እትዬ፣ ቤቱን በደንብ ጥረጊ፣ መደቡንም ለቅልቂው» አልኳት። በቃ፣ ምርመራዬ ይኸው ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የስምንት ወር ልጇ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ሽፍ አለ። ይዛው ከተማ ወጣች። አንድ መድኃኒት መሸጫ ውስጥ እጇንም የልጁንም እግር አዩና «ችፌ ነው» ብለው ቅባት ሸጡላት። ሦስት አራት ቀን ጋብ አለላቸው። ከዚያ ግን እጥፍ ሆኖ ተመለሰ። ቅባቱም አለቀ፣ ገንዘቡም አለቀ።

መጋቢት ላይ ልጠይቃቸው ሄድኩ። እራት በልተን ምድጃው ዙሪያ እንደተቀመጥን ዓይኔ የባለቤቷ እጅ ላይ አረፈ። እያወራን የእጁን አንጓ ያካል። ሴት ልጅየዋ ደግሞ እምብርቷ አካባቢ። አማቷ እናታችንም በጋቢያቸው ውስጥ ዝም ብለው ብብታቸውን ያካሉ። ማንም ለማንም አልተናገረም። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ደነገጥኩ። ችፌ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ ችፌ ያዘው ማለት እንዴት ይሆናል?

የስልኬን መብራት አብርቼ የእህቴን ጣቶች መሃል አየሁ። አብዛኛው ተቧጭሯል። በግራ እጇ የቀለበት ጣትና የትንሿ ጣት መሃል ግን አንዲት ግራጫ መስመር አገኘሁ፤ በእርሳስ እንደተጫረች ጠመም ያለች፣ ርዝመቷ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ጫፏ ላይ ነጥብ ያላት። የስክሪብቶ ቀለም ቀባሁባትና በአልኮል ጠረግኩት። የላዩ ቀለም ሲለቅ መስመሯ ውስጥ የገባው ቀረ። እሷ የእከክ ተባይ መንገድ ናት። ሴቷ ተባይ የላይኛውን ቆዳ እየቦረቦረች፣ በቀን ሁለት ሦስት እንቁላል እየጣለች የምትሄድባት። መንገዷ ከተገኘች ነገሩ አለቀ። አለመገኘቷ ግን እከክ የለም ማለት አይደለም። የታከከ ቆዳ ያጠፋታል፤ ደግሞም በአንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው ሙሉ ገላ ላይ የሚኖሩት ተባዮች ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ብቻ ናቸው። ይህን ሁሉ ማሳከክና ሽፍታ የሚያመጣው በአብዛኛው ሰውነታችን በተባዩዋ፣ በእንቁላሏና በኩሷ ላይ የሚያሳየው ቁጣ ነው።

ከየት መጣ ታዲያ? ለጥምቀት የቆሎ ተማሪው ልጃቸው መጥቶ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር በአንዲት ጎጆ ተጠጋግተው ነው የሚያድሩት። አሥር ቀን ከወንድምና እህቶቹ ጋር በአንድ ቁርበት ተኝቶ ተመለሰ። የእህቴ ማሳከክ የጀመረው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። እከክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲይዝ ምልክቱ እስኪወጣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ያመጣው ሰው ተረስቷል፤ ጥፋተኛዋ ቁንጫ ትሆናለች።

እንግዲህ ልዩነቱን እንነጋገር። ቁንጫ የምትነክሰው በብዛት እግርና ወገብ ላይ ነው፤ ቁስሏ መሃሉ ላይ ነጥብ ያለው ነው፣ መንገድ የላትም። ትኋን ከልብስ ውጭ የዋለውን ገላ ትወዳለች። ችፌ በአብዛኛው የክርንና የጉልበት እጥፋት ላይ ይወጣል፤ ሰውየው ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመላለስበት የኖረ ነው። እከክ ግን የጣት መሃል፣ የእጅ አንጓ፣ ብብት፣ እምብርት ዙሪያ፣ መቀመጫና ብልት ይመርጣል፤ ሕፃናት ላይ መዳፍና የእግር ውስጥ፣ አንዳንዴም ፊትና ራስ ላይ ይወጣል። ያቺ የተሸጠችላት ቅባት ስቴሮይድ ያለባት ነበረች። ስቴሮይድ ቁጣውን ያበርዳል፣ ተባዩዋን ግን አይገድልም። ሽፍታው መልኩን ይቀይርና ቀጥሎ የሚያየውን ባለሙያም ያሳስታል።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ለሚያሳክክ ሽፍታ ስቴሮይድ ከመሸጡም ከመታዘዙም በፊት አንድ ጥያቄ ይጠየቅ። «ቤታችሁ ውስጥ ሌሊት የሚያሳክከው ሌላ ማን አለ?» ጥያቄው ገንዘብ አይጠይቅም፣ ላቦራቶሪ አይጠይቅም። እኔ የካቲት ላይ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ያ ሕፃን አንድ ወር ሙሉ ሲያለቅስ አያድርም ነበር።

«ሰው አይናገርም» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እህቴም ስነግራት «እኔ ቆሻሻ ነኝ ወይ?» ብላ አለቀሰች። እከክ የስድብ ቃል ሆኖብናል። ተባዩዋ ግን በሳሙናና በውኃ አትወጣም፤ የምትሻገረው ገላ ለገላ ነክቶ በመቆየት፣ አብሮ በመተኛት ነው። እኛ ደግሞ አብረን የምንተኛ ሕዝብ ነን። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በክልላችን እከክ ወረርሽኝ ሆኖ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ሲመረመር ከሦስቱ አንዱ ገደማ ተገኝቶበታል። ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሻሻ ሆኖ አይደለም።

ሕክምናውም ከዚሁ ይነሳል። አንድ ሰው ለብቻው ቢታከም ዋጋ የለውም፤ የሚያሳክከውም የማያሳክከውም በአንድ ሌሊት መታከም አለበት። እኛ ቤት አምስት ፐርሰንት ፐርሜትሪን ነበር የተገኘው። ማታ ሁሉም ከአንገት እስከ እግር ጥፍር፣ የጣት መሃልና የጥፍር ሥር ሳይቀር ተቀብቶ አደረ፤ ሕፃኑ ራሱም ፊቱም ተቀባ፣ ዓይኑና አፉ ሲቀር። ጠዋት ታጠቡ። ልብስና ጋቢው በፈላ ውኃ ታጠበ፤ የማይታጠበው ቁርበት ሳምንት ሙሉ ማንም ሳይተኛበት ቆየ፤ ተባዩዋ ከሰው ገላ ከተለየች ከጥቂት ቀን በላይ አትኖርም። በሳምንቱ ቅባቱ ተደገመ። የሚዋጠው አይቨርሜክቲንም አለ፣ ግን ለነፍሰ ጡርና ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም፤ ባለሙያ ይዘዘው። ማሳከኩ ከሕክምናው በኋላም እስከ አራት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። «አልሠራም» ብላችሁ በየቀኑ እየደጋገማችሁ አትቀቡ። አዲስ ሽፍታ ካወጣ ወይም መግል ከያዘ ግን ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ልጁ ያለበት ጎጆ። እሱን ብቻ አክሞ ወደዚያው መመለስ ገንዘብ መጣል ነው። ከመምህራቸውና ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ተነጋግረን ተማሪዎቹን ሁሉ በአንድ ሌሊት ለማከም ቀን ቆርጠናል። «እከክልኝ ልከክልህ» የምንለው ለሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ግን ቃል በቃል እውነት ሆኖ አየሁት። እኔ ብቻ ብድን አንተ መልሰህ ታሲዘኛለህ።

ዛሬ ማታ እራት ላይ ጠይቁ። አታፍሩ።