የጎረምሳው መድኃኒት ጣሪያ የት ነው?

በሕፃናት ሕክምና ክፍሎቻችን ከአንጋፋ ወደ ጀማሪ በቃል የሚተላለፍ አንድ ሕግ አለ፦ «በኪሎ አስላ፤ ከአዋቂው መጠን ከበለጠብህ ያነሰውን ስጥ።» አጭር ነው፣ ለመያዝም ይቀላል። ተረኛው ሐኪም ሌሊት ላይ መጽሐፍ ሳይገልጥ ያስታውሰዋል። እኔ ግን ግማሹ ብቻ እውነት ነው እላለሁ። ግማሽ እውነት ደግሞ በወባ አገር፣ በኢሉባቦር፣ ሰው ሊገድል ይችላል።

ነገሩን በአንድ ታካሚ ላይ እንየው። እንበልና ከያዮ አካባቢ የመጣ የ14 ዓመት ልጅ ነው። ቁመቱ ከአባቱ እኩል ደርሷል፣ ክብደቱ 68 ኪሎ ነው። ለቀናት ሲያተኩሰው ቆይቶ ዛሬ ተንቀጠቀጠና ራሱን ሳተ። መቱ ሆስፒታል ሲደርስ ዕድሜው 15 ስላልሞላ ካርዱ የሚከፈተው በሕፃናት ክፍል ነው። ደሙ ሲታይ የወባ ተውሳክ ተገኘበት። ይህ ብቻውን ግን የማጅራት ገትር የለበትም ማለት አይደለም። ወባ በበዛበት አካባቢ ተውሳኩን በደሙ ይዞ በሌላ በሽታ የሚታመም ሰው ብዙ ነው። የጀርባ ፈሳሽ ተቀድቶ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ለሁለቱም መታከም አለበት። የደም ስኳሩ ታይቶ፣ መርፌው ተተክሎ፣ አሁን ትዕዛዝ መጻፍ ነው።

መጀመሪያ መንቀጥቀጡን ማቆም ያስፈልጋል። ዲያዜፓም በደም ሥር ለሕፃን 0.3 ሚሊግራም በኪሎ ነው፤ በ68 ሲባዛ ከ20 ሚሊግራም ይበልጣል። ለአዋቂ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ግን 10 ሚሊግራም፣ ማለትም አንድ አምፑል ነው። ካላቆመ ከደቂቃዎች በኋላ ይደገማል። ሁለት አምፑል በአንድ ግፊት የወሰደ ልጅ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል፤ ትንፋሽ የሚያግዝ ማሽን በሌለበት ክፍል ደግሞ ይህ የሞት ፍርድ ነው። እዚህ ላይ የተለመደው ሕግ ትክክል ነው፤ ጣሪያው 10 ነው።

ሴፍትሪያክሶንም ከዚሁ ወገን ነው። ለማጅራት ገትር በሕፃን በቀን 100 ሚሊግራም በኪሎ ይሰጣል። ለዚህ ልጅ 6.8 ግራም ይሆናል፣ ባለ አንድ ግራም ብልቃጥ ሰባት ያህል መክፈት ማለት ነው። የአዋቂው መጠን ግን 2 ግራም በየ12 ሰዓቱ፣ በቀን 4 ግራም ነው። «በሽታው ከባድ ነው፣ ልጁም ትልቅ ነው፣ ይጨመርለት» የሚል ሰው 90 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ ከዚሁ ከማጅራት ገትር በ4 ግራም እንደሚድን ይረሳል እንዴ? ከዚያ በላይ የሚሰጠው ግራም ባክቴሪያውን አብልጦ አይገድልም። በሐሞት ከረጢት ውስጥ ዝቃጭ ይፈጥራል፤ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ አእምሮን ያደናግራል። ራሱን በሳተ ልጅ ላይ መደናገሩ ከበሽታው ይሁን ከመድኃኒቱ ማን ይለየዋል? ነርሷ በቀን ከአራት በላይ ብልቃጥ ልትከፍት መሆኗን ካየች ትዕዛዙን መልሳ የመጠየቅ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም አለባት።

አሁን ወደ ሦስተኛው መድኃኒት እንምጣ። አርቴሱኔት ክብደቱ 20 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ ሁሉ 2.4 ሚሊግራም በኪሎ ነው። በ68 ሲባዛ 163 ሚሊግራም ይሆናል። ባለ 60 ሚሊግራሙ ብልቃጥ በደም ሥር ለመስጠት ሲበጠበጥ በአንድ ሚሊሊትር 10 ሚሊግራም ስለሚይዝ፣ ወደ ላይ ተጠግቶ 17 ሚሊሊትር ይሰጣል። ሦስት ብልቃጥ ያስፈልጋል። ሕጉን በቃሉ የያዘው ተረኛ ግን እዚህ ላይ ይጠይቃል፦ «የአዋቂው ስንት ነው?» በብዙዎች አእምሮ ያለው አዋቂ 50 ኪሎ ስለሚመዝን መልሱ 120 ሚሊግራም፣ ሁለት ብልቃጥ ይሆናል። «ያነሰውን ስጥ» ስለተባለም 120 ይጻፋል። ልጁ የሚያገኘው በኪሎ 1.8 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም፤ ከሚገባው ከሩብ በላይ ጎደለበት። የአርቴሱኔት መርፌ ሲገባ፣ በ12ኛውና በ24ኛው ሰዓት ተሰጥቶ ከዚያ በቀን አንዴ የሚቀጥል ነው። የልጁ ዕጣ የሚወሰነው በመጀመሪያው ቀን ስለሆነ ሦስቱም መርፌዎች ከጎደሉ በኋላ ማካካሻ ጊዜ የለም። ስህተቱም ድምፅ አያሰማም፤ የሚታወቀው የተውሳኩ ቁጥር በተደጋጋሚ ምርመራ እንደሚጠበቀው ሳይወርድ ሲቀር ነው፣ ያውም የሚቆጥር ካለ።

በአንድ ካርድ ላይ፣ በአንድ ሰዓት፣ ለአንድ ልጅ፣ ሴፍትሪያክሶንና አርቴሱኔት ተቃራኒ መልስ ሰጡ። አንዱ ጣሪያ አለው፣ ሌላው የለውም። ልዩነቱ ከልጁ ዕድሜ ወይም ከክፍሉ ስም አልመጣም። የመጣው ከመድኃኒቱ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «የትኛው ያንሳል?» ሳይሆን «ይህ መድኃኒት ለአዋቂ የሚታዘዘው እንዴት ነው?» የሚለው ነው። የአዋቂው መጠን በቁርጥ ሚሊግራም ወይም ግራም ከተጻፈ፣ እንደ ዲያዜፓም፣ እንደ ሴፍትሪያክሶን፣ እንደ ፓራሲታሞል አንድ ግራም፣ ያ ቁጥር የጎረምሳውም ጣሪያ ነው። አዋቂውም ራሱ በኪሎ የሚታዘዝለት ከሆነ፣ እንደ አርቴሱኔት፣ ለጎረምሳው ጣሪያ ፈጥሮ መስጠት ከሕክምና ማጉደል ነው።

የሕፃን መጠን በኪሎ የሚሰፈርበትን ምክንያት ያሰበ ሰው ይህ አይገርመውም። ትንሽ ሕፃን ብዙ መድኃኒቶችን ከሰውነቱ የሚያስወጣው ከክብደቱ አንጻር ከአዋቂ በፈጠነ ሁኔታ ስለሆነ በኪሎ የሚደርሰው ቁጥር ከፍ ብሎ ተሠርቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 (እ.ኤ.አ.) ከ20 ኪሎ በታች ላሉ ሕፃናት የአርቴሱኔትን መጠን ወደ 3 ሚሊግራም በኪሎ ከፍ ያደረገው በዚሁ ምክንያት ነው፤ 2.4 ለእነሱ አላዳረሰም። ጎረምሳው ግን ጉበቱና ኩላሊቱ የአዋቂ ሆነዋል። ለ10 ኪሎ ሕፃን የተሰፈረውን የሴፍትሪያክሶን ቁጥር በ68 ማባዛት እሱን ሰባት ሕፃን አድርጎ መቁጠር ነው።

የአዋቂውን አጻጻፍ የማየት መለኪያዬ ሁሉን አይፈታም። ኩዊኒን ለአዋቂም በኪሎ ይታዘዛል፣ ሆኖም የመነሻው መጠን 20 ሚሊግራም በኪሎ ሲሰላ የእንግሊዝ ብሔራዊ የመድኃኒት መመሪያ ከ1.4 ግራም እንዳያልፍ ይከለክላል፣ ልብን ስለሚያውክ። ጀንታማይሲን ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። በሕፃናት መመሪያ 7.5 ሚሊግራም በኪሎ ይባላል፣ በአዋቂው ዘንድ ብዙ ጊዜ 5 ነው። ለዚህ ልጅ በመጀመሪያው 510፣ በሁለተኛው 340 ሚሊግራም ይሆናል። በሚሊግራም የተጻፈ ጣሪያ ስለሌለ «አላለፍኩም» ማለት ይቻላል፤ ኩላሊቱና ጆሮው ግን ያውቁታል። በደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠን መለካት በማይቻልበት ቦታ የአዋቂውን ቁጥር በኪሎ መያዝ ይሻላል፤ ልጁ ውፍረቱ ከስብ ከሆነም በሙሉ ክብደቱ ማባዛት አይገባም።

አሁን ሁሉም ነገር የተንጠለጠለበትን ክብደት እንጠይቅ። ራሱን የሳተ 68 ኪሎ ልጅ ሚዛን ላይ አይቆምም፣ እንደ ሕፃን ታቅፎም አይመዘንም። ስለዚህ ዕድሜው ላይ አራት ተጨምሮ በሁለት ይባዛል፤ 14 ሲደመር 4፣ ሲባዛ 2፣ 36 ኪሎ። ይህ ቀመር ለትንንሽ ልጆች የተሠራ ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ ላለ ልጅ አይሠራም። በ36 ኪሎ ሲሰላ ሴፍትሪያክሶኑ 3.6 ግራም ይሆናል፣ ከጣሪያው በታች ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም። አርቴሱኔቱ ግን 86 ሚሊግራም ይሆንና ልጁ ከሚገባው ግማሹን ያህል ብቻ ይወስዳል። አንዱ የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መድኃኒት ላይ ተደብቆ በሌላው ላይ ይገድላል። በተሽከርካሪ ወንበር ሚዛን፣ ካልሆነም ቤተሰቡን ጠይቆ ወይም በቅርብ ጊዜ የተመዘነበትን ካርድ አይቶ እውነተኛውን ቁጥር መፈለግ የመጀመሪያው መርፌ ከመቀዳቱ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።

«ያነሰው ይሻላል፣ ቢያንስ አይጎዳም» የሚሉኝን አውቃለሁ። የሚናገሩት ከጥንቃቄ ነው። ግን በማነስ የሚመጣው ጉዳት እንደ ትንፋሽ መቆም በዓይን ስለማይታይ ነው አይጎዳም የሚባለው። በከባድ ወባ የተያዘ ልጅ ከአርቴሱኔት ብዛት ይልቅ ከማነሱ የሚሞትበት ዕድል እጅግ ይበልጣል።

ልጁ ነቅቶ መዋጥ ሲጀምር ደግሞ ሕጉ እንደገና ይገለበጣል። የወባው ኪኒን፣ አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን፣ በክብደት መደብ ይሰጣል፤ የመጨረሻው መደብ 35 ኪሎና ከዚያ በላይ ነው፣ በአንድ ጊዜ አራት ኪኒን፣ በቀን ሁለቴ፣ ለሦስት ቀን። 68 ኪሎውም 40 ኪሎውም እኩል ይውጣሉ። በዚያው በሽታ፣ በዚያው ልጅ፣ መርፌው ጣሪያ አልነበረውም፣ ኪኒኑ አለው።

ስለዚህ ለመቱ፣ ለበደሌና ለአካባቢው ሆስፒታሎች ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች የማቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። ለትልቅ ልጅ የሚጻፍ ትዕዛዝ ሁሉ ክብደቱን ከነአገኛኘቱ፣ «ተመዝኗል» ወይም «ተገምቷል» ተብሎ፣ በኪሎ የሚሰጠውን ቁጥር፣ ቀጥሎም ጣሪያውን በሚሊግራም ወይም «ጣሪያ የለውም» የሚለውን ቃል ይያዝ። ሦስቱ ያልተሟሉበትን ወረቀት ፋርማሲስቱ ይመልሰው፤ ተረኛው ሐኪምም በስንፍና ሳይሆን በሥራ ወግ የመጣ ጥያቄ መሆኑን ተረድቶ ይሙላው።