ሌሊት ትንፋሹ ያጠረው ሁሉ አስም የለበትም

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው የቦረና ደጋ «ሌሊት ትንፋሼ ያጥራል፣ ደረቴ ሲር ሲር ይላል» የሚል ታካሚ ብዙ ነው። አገሩ ብርዳማ ነው፤ ቤት ውስጥ ኩበትና እንጨት ይነዳል፤ በመውቂያ ወራትም የአውድማ ብናኝ አየሩን ይሞላዋል። እነዚህ ሁሉ አስምን ይቀሰቅሳሉ። ስለዚህ ካርዱ ላይ «አስም» ብሎ መጻፍ ይቀላል። እኔ ግን ይህ ቃል ከመጻፉ በፊት ሦስት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው እላለሁ።

ይህን እንድል ያደረገችኝ አንዲት የ26 ዓመት እናት ናት። «አስም ነው» ከተባለች ሦስት ዓመት ሆኗታል። የሚነፋ ሳልቡታሞል እየገዛች፣ ሲብስባትም እንክብሉን እየጨመረች ኖራለች። «ዶክተር፣ መድኃኒቱ አላሻለኝም፤ ልቤንም ያስደልቀኛል» አለችኝ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሕመሙ ይመላለሳል ወይስ እየባሰ ይሄዳል የሚለው ነው። አስም የአየር ቧንቧዎች መቆጣትና መጥበብ ስለሆነ ይመጣል፣ ይሄዳል። ብርድ፣ ጭስ ወይም ጉንፋን ሲነካው ይነሣል፤ በመሐል ሰውየው ደህና የሚሆንባቸው ቀናት አሉት። የዚህች ሴት ግን እረፍት አልነበረውም። በሁለተኛው እርግዝናዋ ሰባተኛ ወር ጀምሮ ከዓመት ዓመት ጨመረ።

ሁለተኛው ጥያቄ ሌሊት ምን ያስታግሳል የሚል ነው። አስም ብዙ ጊዜ ወደ ንጋት ገደማ በሳልና በደረት መጨምደድ ይቀሰቅሳል። የልብ ድካም ሲሆን ግን ሰው በተጋደመ ጊዜ ከታችኛው የሰውነት ክፍል የሚመለሰው ፈሳሽ ሳንባ ላይ ይከማቻል። ታማሚው ከተኛ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ታፍኖ ይነሣል፤ ቁጭ ሲል ደግሞ ይቀለዋል። ስንት ትራስ እንደምትጠቀም ስጠይቃት «ጋቢና ቡልኮ ደራርቤ ተደግፌ ነው የማድረው» አለች።

ሦስተኛው ዳገት ስትወጣ ምን ይሆናል የሚል ነው። በአስም ጊዜ ደረት የሚጨመደደው ብዙ ጊዜ በጥረቱ መጨረሻ ወይም ካረፉ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሲሆን፣ በ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ ይለቃል። እሷን ግን የሚይዛት እየወጣች ሳለ ነው፤ ቆም ስትል ይተዋታል። ድሮ በአንድ ትንፋሽ ትወጣው በነበረው የምንጭ መንገድ አሁን አራት ጊዜ ታርፋለች።

ከዚህ በኋላ በቀላል የትንፋሽ መለኪያ አስነፋናት፤ 310 ሆነ። ሳልቡታሞል ሰጥተን ከ15 ደቂቃ በኋላ ስንደግመው 320 ሆነ። አስም ቢሆን ኖሮ ቢያንስ 20 በመቶ ያህል ከፍ ይላል ብለን እንጠብቅ ነበር። ለውጥ አለመታየቱ ብቻውን አስምን አያስቀርም፤ ከመልሶቿ ጋር ሲደመር ግን ወደ ልብ ያመለክታል። በማዳመጫ ስሰማ ሳንባዋ ሥር የፈሳሽ ድምፅ፣ ልቧ ላይም የተለየ ጉርምርምታ ነበር። በልጅነቷ ጉልበቷ እያበጠ ያማት እንደነበር ያስታወሰችው ያኔ ነው። ደሴ ሄዳ ኢኮ ተነሣች፤ በግራ በኩል ያለው የልቧ በር ጠቧል። ሕመሙ ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው፤ በልጅነት በአግባቡ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ይነሣል።

ስህተቱ ጊዜ ማባከን ብቻ አይደለም። ሳልቡታሞል፣ በተለይ እንክብሉ፣ የልብ ምትን ያፈጥናል። የጠበበ በር ያለው ልብ ሲፈጥን ደሙ ለማለፍ ጊዜ ያጣል፤ ወደ ሳንባም ይመለሳል። አሁን ፈሳሽ የሚቀንስ መድኃኒትና በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ትወስዳለች፤ ከመጸነሷም በፊት ሐኪም ማማከር እንዳለባት ታውቃለች።

ሲር ሲርታ ብቻውን አይለይም፤ ፈሳሽ የያዘ ሳንባም ሲር ይላል። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለ ደግሞ ለቲቢ አክታ ይመርመር። ለዓመታት ጭስ ላይ ያበሰሉ እናቶች ሳንባም ሊጎዳ ይችላል።

አስም ሆኖ ከተገኘም ሳልቡታሞል ማስታገሻ እንጂ በራሱ በቂ ሕክምና አይደለም። ቧንቧውን ከመቆጣት የሚጠብቀው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ የሚነፋ መድኃኒት ነው፤ ደህና ሲሆኑም በየቀኑ ይወሰዳል።

አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም የፈዘዘ ሰው ግን መንስኤው ምንም ይሁን ምን ሳይነጋ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ሌሎቻችሁ ወደ ሐኪም ስትሄዱ «አስም አለብኝ» ከማለት ይልቅ ሌሊት ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያነቃችሁ፣ ምን እንደሚያስታግሳችሁና ዳገቱ ላይ ምን እንደሚሆን ንገሩ። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም እናንተ ንገሩት።