እንግሊዝኛውን ገጽ ሸፍኑት

ሰሞኑን ሐይቅ ከተማ ያስተማርኳት ልጅ ከውጭ አገር ደውላ «ቲቸር፣ ልጄ አማርኛ እንዲይዝልኝ ምን መጽሐፍ ልግዛ?» አለችኝ። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው፤ እዚያው ነው የተወለደው። እስካሁን የገዛችውን ፎቶ አንስታ እንድትልክልኝ ጠየቅኳት። ስድስት መጽሐፍ። ስድስቱም በግራ ገጽ አማርኛ፣ በቀኝ ገጽ እንግሊዝኛ። «ያነባቸዋል?» ስላት «በሁለት ደቂቃ ይጨርሳቸዋል» አለች። እንዴታ! የሚጨርሰው የቀኙን ገጽ ነዋ።

ይህን ጥያቄ ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁኝ እዚሁ ልመልስ፤ የሚቆጣም ይቆጣ። ውጭ ለተወለደ ልጅ የሁለት ቋንቋ መጽሐፍ ገዝቶ ብቻውን እንዲያነብ መተው ራስን ማታለል ነው። ልጁ ሰንፎ አይደለም። ወደ ታሪኩ የሚያስገባ ቀላል በር ተከፍቶለት በከባዱ የሚታገለው ለምንድን ነው? ለእኛ ለአምባሰል ሰዎች ደግሞ ይህ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። በ1881 ዓ.ም. እዚሁ ውጫሌ የተፈረመው ውልም በሁለት ቋንቋ ነበር። አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መገናኘት ይችላሉ ይላል፤ በጣሊያንኛው ግን ግዴታቸው ነው። ጣሊያን ያነበበው የራሱን ገጽ ነው። እናንተ ቤት ውስጥ ጉልበት ያለው ገጽ የትኛው እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም።

መጽሐፎቹ ክፉ ናቸው እያልኩ አይደለም። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ሲሊ ማሞ» በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ አዲስ አበባ ላለ ልጅ መልካም ነገር ነው። እዚህ ያለ ልጅ አማርኛው አፉ ላይ ስላለ፣ ታሪኩን ይዞ ወደ እንግሊዝኛው ይሻገራል። ውጭ ያለው ግን በተቃራኒው ነው፤ ታሪኩን በእንግሊዝኛ ከጨረሰው አማርኛው ገጽ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። አማርኛን በላቲን ፊደል ስለሚጽፉት መጽሐፎች ግን ባልናገር ይሻለኛል፤ «ጠ»ንና «ተ»ን አንድ አድርገው ልጅ ያስተምራሉ።

ስለዚህ አንደኛ፣ የእንግሊዝኛውን ገጽ በወረቀት ሸፍኚው አልኳት። ሁለተኛ፣ ባዶ ደብተር ግዢና የራስሽን አገር ተረት በእጅሽ ጻፊለት፤ በአንድ ገጽ ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ከሥሩ ልጁ ሥዕል ይሣልበት። የሐይቁን ተረት መረጠች። አንዲት ልዕልት ነፍሰ ጡር ሴት በደለች፤ እግዚአብሔር ተቆጣና አካባቢው ሁሉ ውሃ ሆነ፤ ልዕልቲቱ ከነወዳጅ ዘመዶቿ ሰጠመች፤ ሴትዮዋ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ተረፈ። ያ መሬት የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ነው፤ ድሮ ደሴት ነበር፣ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል።

በሳምንቱ ደወለች። ልጁ ፊደሉን በሙሉ ያውቃል፤ ግድግዳው ላይ የሀሁ ሠንጠረዥ ተሰቅሏል። የመጨረሻው ገጽ ላይ «ሁሉም ሰጠመ፤ ሴትዮዋ ግን አለች» ብላ ጽፋለታለች። ልጁ አነበበና «ምን አለች?» አላት። «አለች»ን አላልቶ «ተናገረች» አድርጎት! ይኸው ነው ችግሩ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። እኛ ሳናስበው የምንለየው ቃሉን ቀድመን ሰምተነው ስለምናውቅ ነው። «አህያው ይበላል» ቢባል «በ» ስትላላ አህያው ሣር ይበላል፤ ስትጠብቅ ጅብ ይበላዋል። በዓይኑ ብቻ አማርኛ የለመደ ልጅ ይህን ከየት ያመጣዋል? ለዚህ ነው የሀሁ ሠንጠረዥ ገዝቶ ሰቅሎ «ልጄ ማንበብ ይችላል» የሚል ወላጅ የሚያናድደኝ።

መድኃኒቱ እርሳስ ነው። የሰዋስው ሰዎች እንደሚያደርጉት በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አድርጉ፤ በሁሉም ላይ ሳይሆን ልጁ በሚሳሳትበት ቃል ላይ ብቻ። እናንተ ጮክ ብላችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡለት፤ ከዚያ ያንብብላችሁ። የታተመ ነገር ካማራችሁ የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» ግዙ። ቃሉ ለሕፃን ይከብዳል፣ ምክሩም ይበዛል፤ ግን ግጥም ስለሆነ አላልቶ ወይም አጥብቆ ሲሳሳት አንዳንዴ ምቱ ይሰበርና ልጁ ራሱ ጆሮውን ይጎረብጠዋል።

ትናንት ማታ ደግሞ ደወለች። ልጁ ገዳሙን ለማየት ልሂድ ሲላት፣ አንተ ትገባለህ፣ እኔ ግን አልገባም፣ ሴት አይፈቀድም ትለዋለች። «ቦታው የሴትዮዋ አይደል እንዴ?» አላት፤ በአማርኛ! መልስ ስላጣች ለአያቱ ደውሎ እንዲጠይቅ አደረገችው። አያቱ ስቀው ስቀው «አብሽር የኔ ጌታ፣ ስትመጣ እነግርሃለሁ» አሉት። አሁን ደብተሩ ላይ ለ«አብሽር» ምን ሥዕል እንደሚሥል ጨንቆታል።