በእኔ ኢሜይል ሥራ የሚፈልገው ሰው

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስልኬን ስከፍት «ለቃለ መጠይቅ ተመርጠዋል» የሚል ኢሜይል ጠበቀኝ። ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ የትምህርት ማስረጃ ኦሪጅናሉና ኮፒው፣ የሥራ መደቡ የሒሳብ ሠራተኛ። ደስ ይላል። ችግሩ እኔ ሒሳብ አልተማርኩም፣ ያመለከትኩበት ቦታም የለም።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ነው። ከአንድ የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ በየቀኑ «ለእርስዎ የሚስማሙ አዳዲስ ሥራዎች» የሚል መልእክት ይመጣል። ማስታወቂያ ነው ብዬ እያጠፋሁ አለፍኩት። አንድ ቀን ግን እኔም የትርፍ ሰዓት የትርጉም ሥራ ፈልጌ እዚያው ድረ ገጽ ላይ ልመዘገብ ስል «Email already exists» አለኝ። በዚህ ኢሜይል የተመዘገበ ሰው አለ ማለት ነው። ረስቼው ይሆናል ብዬ ያሉኝን የይለፍ ቃሎች በሙሉ ሞከርኩ። አንዱም አልሠራም። ያኔ የድሮዎቹን መልእክቶች ከቆሻሻ መጣያው አውጥቼ ሳነብ «ውድ እገሌ» ብለው የሚጀምሩት በእኔ ስምና በአባቴ ስም ነው። ሞክሼ አግኝቻለሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደነግጠው «ተጠለፍኩ እንዴ?» ብሎ ነው። አይደለም። አንድ ሰው ድረ ገጽ ላይ የእናንተን ኢሜይል ስለጻፈ ሳጥናችሁ ውስጥ ምንም ማየት አይችልም። የይለፍ ቃል ያወጣው ለዚያ ድረ ገጽ ነው እንጂ ለኢሜይላችሁ አይደለም። እንዲያውም ተጎጂው እሱ ነው፤ የእሱ ደብዳቤ በሙሉ እናንተ ጋ ይመጣል። ጥርጣሬው ካልለቀቃችሁ የጉግል አካውንታችሁ የደኅንነት ገጽ ውስጥ ገብታችሁ የትኞቹ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች እንደተከፈቱ ተመልከቱ። የማታውቁት ከሌለ ነገሩ የአድራሻ ስህተት ነው።

ስህተቱ እኛ አገር የሚበዛበት ምክንያት አለው። የቤተሰብ ስም የለንም፤ ስማችን ላይ የአባታችንን ስም ጨምረን ኢሜይል እናወጣለን። የተለመደ ስም ከተለመደ የአባት ስም ጋር ሲገጣጠም ስንት ሰው እንደሚካፈለው አስቡት። ቀድሞ የደረሰ ንጹሑን ስም ይወስዳል፤ የቀረው መጨረሻው ላይ ቁጥር ይለጥፋል። ሌላው የሞባይል ቤቱ ጣጣ ነው። አዲስ ስልክ ገዝታችሁ አፕ ማውረድ ስትፈልጉ ልጁ በሁለት ደቂቃ ጂሜል ከፍቶ ይሰጣችኋል። ቁጥሩን የመረጠው እሱ ነው፣ የይለፍ ቃሉንም እሱ ነው የጻፈው። ከዓመት በኋላ ፎርም ላይ «ኢሜይል» የሚል ባዶ ቦታ ሲመጣ ባለቤቱ የሚያስታውሰው ስሙን ብቻ ነው። ቁጥሩ ይቀራል፣ ደብዳቤው ወደ ሞክሼው ይሄዳል።

የጂሜል ነጥብ ደግሞ ነገሩን የበለጠ ያወሳስበዋል። ጂሜል በስም መሐል የሚገባን ነጥብ አይቆጥርም። አድራሻችሁ `yeneadirasha@gmail.com` ከሆነ `yene.adirasha@gmail.com` ተብሎ የተላከውም እናንተው ጋ ይደርሳል። ሁለቱን ለሁለት ሰው አይሰጥም። ሰው ግን ይኼን ስለማያውቅ «የእኔ ባለ ነጥቡ ነው» ብሎ በሙሉ ልብ ይመዘገባል። ድረ ገጹም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን እንደ ሁለት ሰው ነው የሚያየው። የተሳሳተው ሰው እንዴት ብሎ እንደጻፈው ማወቅ ከፈለጋችሁ መልእክቱን ክፈቱና ከላኪው ስም ሥር ያለችውን ትንሽ ቀስት ንኩ፤ ተቀባዩ ከነነጥቡ ይታያል። ይኼ ለጂሜል ብቻ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ኢሜይል ላይ ነጥብ ይቆጠራል።

ይኼ ነገር ሁልጊዜ የዋህ ስህተት ላይሆን ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. ጀምስ ፊሸር የሚባል ፕሮግራመር ከኔትፍሊክስ «ካርድዎ አልሠራም፣ ክፍያዎን ያስተካክሉ» የሚል እውነተኛ ኢሜይል ደርሶት የካርድ ቁጥሩን ሊያስገባ ትንሽ ሲቀረው አቆመ። ያቆመው መልእክቱ ላይ የተጻፉት የካርዱ የመጨረሻ ቁጥሮች የእሱ ስላልነበሩ ነው። ሌላ ሰው በእሱ አድራሻ፣ ነጥቡን ብቻ ቀይሮ፣ አካውንት ከፍቶ ነበር። ቢከፍል ኖሮ ለማያውቀው ሰው ፊልም ይከፍል ነበር። ስለዚህ ባልከፈታችሁት አካውንት «ክፈል» የሚል መልእክት ሲመጣ ላኪው እውነተኛ ድርጅት መሆኑ ብቻ አይበቃም።

ወደ ሒሳብ ሠራተኛው ልመለስ። ማክሰኞ ነው፣ ቃለ መጠይቁ ሐሙስ ነው፣ ልጁ አያውቅም።

የመጀመሪያው ሐሳብ ወዲያው ይመጣል፦ «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» የሚለውን መንካት። ማስተካከያው ሊንክ ወደ እኔ ይመጣል፣ አዲስ ቃል አወጣለሁ፣ ገብቼ አካውንቱን አጠፋለሁ፣ በራሴ ስም እመዘገባለሁ። አምስት ደቂቃም አይፈጅም። ብዙ ጓደኞቼ «ምን ችግር አለው፣ ኢሜይሉ ያንተ አይደል?» አሉኝ። ኢሜይሉ የእኔ ነው፤ አካውንቱ ግን የእኔ አይደለም። ውስጡ የሰው ሲቪ፣ ስልክ ቁጥር፣ የዲግሪ ቅጂ፣ ምናልባት መታወቂያም አለ። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለፈቃድ የሌላ ሰው ሲስተም ውስጥ መግባት በራሱ ወንጀል ነው፤ «ኢሜይሉ የእኔ ስለነበር» የሚለው ክርክር ምን ያህል እንደሚያስኬድ ራሴ ላይ መሞከር አልፈለግሁም። ሕጉ ባይኖርም እንኳ አካውንቱን ሳጠፋው የልጁ ማመልከቻዎች አብረው ይጠፋሉ። ሐሙስ ሊቀጠር የሚችልን ሰው ማክሰኞ ላጠፋው ነው።

«ኢሜይልዎን ያረጋግጡ» የሚለውንም አለመንካት ጥሩ ነው። ከነካችሁት አድራሻው የልጁ መሆኑን እናንተው መሰከራችሁለት። «ይህን አካውንት የከፈትኩት እኔ አይደለሁም» የሚል ሊንክ ካለ ግን፣ ላኪው እውነተኛው ድርጅት መሆኑን አይታችሁ፣ እሱን ተጫኑ።

እኔ ያደረግሁት ሁለት ነገር ነው። ለቃለ መጠይቅ ለጠራው መሥሪያ ቤት በዚያው ኢሜይል መለስኩ፦ «ይህ አድራሻ የአመልካቹ አይደለም፣ ሞክሼ ነን። ማመልከቻው ላይ ስልክ ካለ እባካችሁ ደውሉለት።» ከራስ ሰር መልእክት ጀርባ ሰው የለም፣ ከዚህኛው ጀርባ ግን የሰው ኃይል ሠራተኛ ነበረች። ከሰዓት በኋላ «አመሰግናለሁ፣ አግኝቼዋለሁ» ብላ መለሰችልኝ።

ሁለተኛው ለድረ ገጹ የድጋፍ ክፍል ነው። ከዚያው ኢሜይል ነው የጻፍኩት፣ ምክንያቱም የአድራሻው ባለቤት መሆኔን የሚያሳየው እሱ ራሱ ነው። አድራሻው የእኔ ነው፣ አካውንቱን አልከፈትኩም፣ አድራሻዬን ከአካውንቱ ላይ አንሱልኝ፣ ባለቤቱን በስልኩ አግኙት፣ የውስጡን መረጃ ለእኔ አትላኩልኝ አልኩ። መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ፦ «ለማረጋገጥ የመታወቂያዎን ፎቶ ይላኩ።» ኧረ! እኔ የእነሱ ደንበኛ እንኳ አይደለሁም። አልላክሁም፤ በመታወቂያ የሚረጋገጠው ስም ነው፣ ስማችን ደግሞ አንድ ነው። የማረጋገጫ ኮድ ወደ ኢሜይሌ ላኩ፣ እመልስላችኋለሁ አልኳቸው። እንደዚያ አደረጉ።

እኔ ቅር የሚለኝ ያ ኮድ መጀመሪያውኑ ለምን አልተላከም የሚለው ነው። ልጁ ሲመዘገብ ድረ ገጹ አንድ ባለስድስት አሃዝ ኮድ ወደ ጻፈው አድራሻ ልኮ ቢሆን ኖሮ ኮዱ ለእሱ አይደርሰውም፤ «ለምን አልመጣም?» ብሎ አድራሻውን ደግሞ ያያል፣ የጎደለውን ቁጥር ይጨምራል። ሦስት ወር ሙሉ የጠፋበት ደብዳቤ በአንድ ደቂቃ ይስተካከል ነበር። ድርጅቶች ይህን ደረጃ የሚዘልሉት ተመዝጋቢው መሐል መንገድ ላይ እንዳይተዋቸው ብለው ነው፤ የተመዘገበ ሰው ብዛት በሪፖርት ላይ ያምራል። ኮድ ልከው መልሱን ሳይጠብቁ አካውንቱን የሚከፍቱም አሉ፣ እሱ ካለመላክ አይሻልም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የሰው መረጃ ትክክል መሆኑን መጠበቅ የድርጅቱ ግዴታ ሆኗል። የአንዱን ዲግሪና የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ለሌላው የሚልክ አሠራርን «የተጠቃሚ ስህተት» ብሎ ማለፍ ከዚህ ጋር አይሄድም። መሳሳቱንማ ልጁ ተሳስቷል። ስህተቱን ሦስት ወር ያቆየው ግን ድረ ገጹ ነው።

መልስ እስኪመጣ ድረስ መመዝገብ የግድ ከሆነባችሁ ጂሜል አንድ መውጫ አለው። ከ@ በፊት የመደመር ምልክትና የፈለጋችሁትን ቃል ጨምሩ፦

```
yeneadirasha+sira@gmail.com
```

መልእክቱ ያው እናንተ ጋ ይመጣል፣ ድረ ገጹ ግን አዲስ ሰው ይመስለዋል። አንዳንድ ፎርም የመደመር ምልክቱን አልቀበልም ይላል፤ ያኔ ነጥብ አስገብቶ መሞከር ይቻላል። በኋላ ስትገቡ ግን በትክክል በዚያው አጻጻፍ መግባት አለባችሁ፤ ከረሳችሁት እናንተም የራሳችሁ ሞክሼ ትሆናላችሁ።

የሚጎርፈውን መልእክት በተመለከተ፣ እውነተኛ ድርጅት ከሆነ ከሥሩ ያለው «Unsubscribe» ማስታወቂያውን ያቆመዋል፤ የቀጠሮና የክፍያ መልእክቶችን ግን አያቆምም። «Report spam» ማለት ይቀላል፣ እኔም በንዴት ያደረግሁት እሱን ነበር። ሳምንት ቆይቶ ድጋፍ ክፍሉ አድራሻዬን አንስቶ «አሁን መመዝገብ ይችላሉ» አለኝ። ተመዘገብኩ፣ ኮድ ልከናል አሉኝ፣ ጠበቅሁ፣ እንደገና አስላክሁ፣ ጠበቅሁ። ድጋፍ ክፍሉ ላይ ልጮህ ስል ስፓም ሳጥኑን ከፈትኩ። ሁለቱም ኮዶች እዚያ ተደርድረዋል።

ልጁን በአካል አላውቀውም። ሠራተኛዋ ስልኬን ሰጥታው ኖሮ ከሐሙሱ በኋላ ደውሎ ነበር። ኢሜይሉ መጨረሻው ላይ 21 አለው። ሞባይል ቤቱ ነው የጨመረው፣ ለምን 21 እንደሆነ እሱም አያውቅም።