ትርፋማ ዕቅድ ገንዘብ የሚያልቅበት ለምንድን ነው?

አንድ የንግድ ዕቅድ ለብድር ወይም ለአዋጭነት ጥናት ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በዓመቱ መጨረሻ በሚያሳየው ትርፍ ነው። የትርፍ ትንበያ ሽያጭን የሚመዘግበው ዕቃው ለገዢው በተላለፈበት ጊዜ ነው፤ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ትንበያ ግን ብሩ በእርግጥ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ወር ይከተላል። ትርፋማ ድርጅት የሚወድቀው በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ባለው ክፍተት ነው።

ለአብነት ያህል፣ ለትምህርት ቤቶች ወንበርና ጠረጴዛ የሚሠራ አንድ ድርጅት በ700,000 ብር ሥራ ጀመረ ይባል። ሽያጩ በመጀመሪያው ወር 400,000፣ ቀጥሎ 600,000፣ ከዚያም 800,000፣ በአራተኛው ወር 1,000,000 ብር ደርሶ በዚያው ይረጋል። ከሽያጩ 80 በመቶ የሚሆነው ለጣውላ፣ ለብረትና ለደመወዝ በዚያው ወር ይከፈላል፤ ገዢዎች ግን ሒሳባቸውን የሚከፍሉት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ግብርና ወለድ ለጊዜው ይቆዩ።

በትርፍ ትንበያው መሠረት ድርጅቱ በአራቱ ወራት 560,000 ብር ያተርፋል፤ የሚከስርበት ወር የለም። በጥሬ ገንዘብ ሲሰላ ግን በመጀመሪያው ወር መጨረሻ 380,000 ብር ብቻ ይቀረዋል። በሁለተኛው ወር 100,000 ብር ይጎድለዋል፤ ጉድለቱ በሦስተኛው ወር 340,000፣ በአራተኛው 540,000 ብር ይሆናል። ስሌቱ በሌላ መንገድም ይረጋገጣል፦ በመነሻው ገንዘብ ላይ ትርፉ ተደምሮ በገዢዎች እጅ ያለው 1,800,000 ብር ሲቀነስ ያው ጉድለት ይገኛል። ከስድስተኛው ወር ጀምሮ ጉድለቱ በየወሩ በ200,000 ብር ይቃለላል። ገንዘቡን የበላው ኪሳራ ሳይሆን የሽያጩ ዕድገት ነው።

ለተመራማሪው ይበልጥ አሳሳቢ የሚሆነው ቀጣዩ ነጥብ ነው። ድርጅቱ ጉድለቱን በሆነ መንገድ ቢሻገር፣ በዓመቱ መጨረሻ 860,000 ብር በእጁ ይኖረዋል። ስለዚህ በዓመት ድምር የተሠራ የጥሬ ገንዘብ ትንበያም ቢሆን አደጋውን ይሸፍናል። ደመወዝ የሚከፈለው በየወሩ ነውና ትንበያውም በየወሩ ሊሠራ ይገባል። እንዲህ ያለው ድርጅት ሲዘጋ ምክንያቱን «የካፒታል እጥረት» ብሎ ማለፍም እውነቱን ግማሽ ያስቀራል፤ ገዢዎች በአንድ ወር ውስጥ ቢከፍሉ ኖሮ ያው መነሻ ገንዘብ ይበቃ ነበርና።

ይህ ማለት የትርፍ ትንበያ ይቅር ማለት አይደለም። ከገዢዎች ቅድሚያ ክፍያ የሚሰበስብ ድርጅት በየሽያጩ እየከሰረም ካዝናው ሞልቶ ሊታይ ይችላል። ይህን የሚያጋልጠው የትርፍ ስሌት ነው። በመሆኑም የአዋጭነት ጥናት ሁለቱን ትንበያዎች ጎን ለጎን አቅርቦ ልዩነታቸው ከየት እንደመጣ በየወሩ ማስረዳት ይኖርበታል። ጉድለቱ አስቀድሞ ሲታወቅ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ፣ የዱቤውን ጊዜ ማሳጠር ወይም ዕድገቱን ማዘግየት ይቻላል፤ በሁለተኛው ወር የደመወዝ ቀን ሲታወቅ ግን ምርጫው ጠቧል።